ምን እግር ጣለህ?

ለዓመታት ያልታየ ሰው ድንገት በር ሲያንኳኳ እናቶቻችን «ውይ! ምን እግር ጣለህ?» ይላሉ። አባባሉ ደስታ አለበት፤ እውነተኛ ጥያቄም አለበት። እንግዳው ውሃ ጠጥቶ፣ ስለ ቤተሰቡ ተጠይቆ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ የመጣበትን ጉዳይ ያወጣል። ማንም አይደነግጥም። ጉዳይ ይዞ መምጣቱ በራሱ ነውር ተደርጎ አይቆጠርም። ነውር የሚሆነው ጉዳይ የለኝም ብሎ ከተቀመጠ በኋላ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆሞ «እግረ መንገዴን…» ማለቱ ነው።

ዛሬ በሩ ስልክ ሆኗል። ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች አንድ ምክር ደጋግመው ይሰማሉ፤ ለረጅም ጊዜ ያላገኛችሁትን ሰው በቀጥታ ሥራ አትጠይቁ፣ መጀመሪያ ግንኙነቱን አድሱ፣ ከዚያ በኋላ ጠይቁ ይባላሉ። ምክሩ ደግ ይመስላል። ቀረብ ብለን ስናየው ግን የሚቆረቁር ነገር አለው። ልቤ ሥራ እየፈለገ አፌ «ናፍቀኸኛል» ካለ፣ ያ ሰላምታ ነው ወይስ ማጥመጃ? ብዙ ጨዋ ወጣቶች ይህ ስለሚከብዳቸው ጨርሶ አይደውሉም። ሌሎች ደግሞ ምክሩን እንደ ዘዴ ይወስዱትና ሁለት ሳምንት «ያሞቃሉ»፤ ከዚያ ሲቪያቸውን ይልካሉ። የትኛው ትክክል እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይጠቅማል።

ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁር በ1960ዎቹ መጨረሻ (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) በቦስተን አጠገብ በምትገኘው በኒውተን ከተማ በቅርቡ ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን ጠየቀ። በሰው በኩል ሥራ ያገኙትን «ያን ሰው በዚያን ጊዜ በምን ያህል ጊዜ ታገኙት ነበር?» አላቸው። በሳምንት ሁለቴና ከዚያ በላይ እናገኘው ነበር ያሉት ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከመቶ 28 ያህሉ በዓመት አንዴ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ነበር የሚያገኙት። የቀሩት በመካከል ናቸው። በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ጨምሯል፦ ብዙውን ጊዜ ወሬውን ያመጣው ሰው የድሮ የኮሌጅ ጓደኛ ወይም የቀድሞ የሥራ ባልደረባ ነበር፤ ግንኙነቱ ድሮም ቢሆን የጠበቀ አልነበረም፤ የቀሰቀሰው መንገድ ላይ መገናኘት ወይም የጋራ ወዳጅ ነበር።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ከእናንተ ጋር በየቀኑ የሚውለው ወዳጅ እናንተ የምታነቡትን የቴሌግራም ቻናል ያነባል፣ እናንተ የምታዩትን የሪፖርተር ማስታወቂያ ያያል፣ እናንተ የምታውቋቸውን ሰዎች ያውቃል። ይወዳችኋል፤ የሚነግራችሁ አዲስ ነገር ግን የለውም። ከስድስት ዓመት በፊት የተለያችሁት ሰው በሌላ ከተማ፣ በሌላ መሥሪያ ቤት፣ እናንተ ከማታውቋቸው ሰዎች ጋር ምሳ ሲበላ ኖሯል። በ2011 (አሁንም እንደ ፈረንጆች) ዳንኤል ሌቪን እና ባልደረቦቹ ከ200 የሚበልጡ የሥራ ኃላፊዎችን ቢያንስ ለሦስት ዓመት ያላነጋገሯቸውን ሰዎች ፈልገው ስለ ሥራቸው ምክር እንዲጠይቁ አደረጉ። የተገኘው ምክር አሁን ከሚያውቋቸው ሰዎች ከተገኘው ያላነሰ ጠቃሚ ሆነ፤ አዲስ ሐሳብ በማምጣት በኩል ደግሞ ይበልጥ ነበር። አብረው ያሳለፉት ጊዜ የፈጠረው መተማመንም እንደተፈራው ደብዝዞ አልጠፋም። ጥናቱ ስለ ምክር እንጂ ስለ ሥራ ፍለጋ አልነበረም፤ ኃላፊዎቹም ሥራ ያላቸው ሰዎች ነበሩና እጁ ባዶ የሆነ ወጣት የሚሰማውን እፍረት አይለካም። ቢሆንም አንድ ነገር ያስረዳል፤ ዝምታ ወዳጅነትን እኛ እንደምናስበው ቶሎ አይገድልም።

እንግዲህ የቆየው ሰው ጠቃሚ የሚሆነው በትክክል ስለራቀ ነው። ጥያቄያችንን የሚያከብደውም ይኸው ነው፤ የጠቀመን ርቀት እንድናፍርም ያደርገናል።

አሁን ወደ ሰላምታው እንመለስ። «መጀመሪያ አድስ፣ ኋላ ጠይቅ» የሚለው ምክር በአማርኛ ሲሞከር አንድ እንቅፋት ይገጥመዋል። የእኛ ሰላምታ ረጅም ነው፤ ከጤና ወደ ቤተሰብ፣ ከቤተሰብ ወደ ሥራ ይሄዳል። ከአራተኛው ወይም ከአምስተኛው ዓረፍተ ነገር በኋላ «ሥራ እንዴት ነው?» ይመጣል። ይህን ያልጠየቀ ሰው ሰላምታውን አልጨረሰም። ጉዳዩን ለሁለት ሳምንት ሊደብቅ ያሰበው ወጣት እዚህ ላይ ምን ይላል? «ተመስገን፣ ደህና ነው» ካለ ዋሸ። ከሁለት ሳምንት በኋላ «ሥራ ከለቀቅሁ ሰባት ወር ሆነኝ» ሲል ያኛው ወገን ያንን «ደህና ነው» ያስታውሳል፤ አስታውሶም የፊተኛውን ሰላምታ ሁሉ እንደገና ያነበዋል። የልጆቹን ስም የጠየቀው፣ በፎቶው ላይ «ተባረኩ» ያለው፣ ሁሉም ዋጋው ይወርዳል። በአንድ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ለዓመታት ስለሠራሁ እንዲህ ያሉ መልእክቶች ከሚደርሷቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። የሚያስቀይመው ጥያቄው አይደለም። ሥራ መጠየቅማ የደረሰበት ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። የሚያስቀይመው ለካ ሰላምታውም የማመልከቻው አንድ ገጽ እንደነበረ ማወቁ ነው።

ታዲያ ተቃራኒው ይሻላል? በመጀመሪያው መልእክት «ሰላም፣ እናንተ ጋ ክፍት ቦታ አለ?» ማለት ቢያንስ እውነት አይደለምን? እውነት ነው፤ ግን ሌላ ጉድለት አለው። ለስድስት ዓመት ያልተነጋገሩት ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ እሺ ወይም እምቢ እንዲል ይገደዳል። እሺ እንዳይል ወጣቱ አሁን ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አያውቅም። እምቢ እንዳይል የድሮ ጓደኛውን ፊት ያፈራል። ስለዚህ አብዛኛው ሰው በእኛ አገር ሦስተኛውን መንገድ ይመርጣል፤ «እሺ አያለሁ» ብሎ ዝም ይላል። ከጥያቄ በፊት መገናኘት የሚያስፈልግበት እውነተኛው ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ለሌላው ሰው ሳያፍር እምቢ የሚልበት ቦታ ለመስጠት ነው።

ስለዚህ መለየት ያለብን ዜናንና ጥያቄን ነው። «ሥራ እየፈለግሁ ነው» ዜና ነው። «ሥራ ፈልግልኝ» ጥያቄ ነው። ዜናው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሰላምታው ውስጥ ሊኖር ይገባል፤ የሕይወታችን አካል ነውና፣ ሲጠየቁም መልሱ ይኸው ነውና። ጥያቄው ግን ሊዘገይ ይችላል። ዜናውን የሰማ ሰው ጉዳያችንን ያውቃል፣ አልተታለለም፣ ገና ምንም አልተጠየቀም። መርዳት ከፈለገ ራሱ በሩን ይከፍታል። ካልፈለገ ስለ ልጆቹ እያወራ ያልፋል፤ ማንም አላፈረም። ካንት የሚባለው ጀርመናዊ ፈላስፋ በ1785 ሰውን መሣሪያ ብቻ አድርጋችሁ አትያዙ ሲል «ብቻ» የምትለውን ቃል የጨመረው በከንቱ አይደለም። ዳቦ ጋጋሪውም፣ ሐኪሙም፣ የድሮ ጓደኛውም ይጠቅሙናል፤ በዚህ ኃጢአት የለበትም። «ብቻ» የሚሆነው ያ ሰው ስለ ምን እንደምንፈልገው ሳያውቅና መምረጥ ሳይችል ስንጠቀምበት ነው።

የዮሴፍን ታሪክ ላነበበ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። በእስር ቤት ሕልሙን ለፈታለት የመጠጥ አሳላፊ የነገረው ፊት ለፊት ነበር፤ በደህና ቀንህ አስበኝ፣ ለፈርዖን ንገርልኝ፣ እኔ ያለ ጥፋቴ ነው እዚህ ያለሁት አለው። ሁኔታውንም ጥያቄውንም አልሸፈነም። አሳላፊው ግን ረሳው፤ ሁለት ሙሉ ዓመትም አለፈ። ያስታወሰው ቤተ መንግሥቱ ሕልም ፈቺ ባጣበት ቀን ነው። በስብከት ብዙ ጊዜ አሳላፊው እንደ ውለታ ቢስ ይቀርባል፤ እውነትም ጥፋቱን ራሱ ተናግሯል። እኔ ግን ሌላም ነገር አያለሁ። ሰው የሚያስታውሰን የእኛ ሙያና የእርሱ አጋጣሚ ሲገጣጠሙ ነው። አሳላፊው ባስታወሰ ጊዜ ዮሴፍ ምን መሥራት እንደሚችል በትክክል መናገር ችሏል፤ በዓይኑ አይቶ ነበርና።

ከመደወል በፊት አንድ ሥራ አለ፤ ብዙዎች ይዘሉታል። ዝምታው ምክንያት ነበረው ወይ ብሎ ራስን መጠየቅ ነው። አብዛኛው ዝምታ ምክንያት የለውም፤ ሰው ይመረቃል፣ ከተማ ይቀይራል፣ ስልክ ይጠፋል። እንዲህ ያለው ረጅም ይቅርታ አያስፈልገውም፤ «ጠፋሁ» ብሎ ማለፍ ይበቃል። አንዳንዱ ዝምታ ግን ዕዳ አለበት። ያልተመለሰ ብር ካለ መጀመሪያ ብሩ ይመለስ፤ በዚያ ቀን ደግሞ ስለ ሥራ አይነሣ። ብር መልሶ ወዲያው ውለታ የሚጠይቅ ሰው ብሩን እንደ ክፍያ አደረገው።

ከሁሉ የሚከብደው ለቅሶ ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ በአንድ ቤት ብዙ ነገር ይሆናል። ጓደኛችሁ እናቱን ቀብሮ ሊሆን ይችላል፤ እናንተም አልሰማችሁም፣ ወይም ሰምታችሁ አልሄዳችሁም። «እማማስ ደህና ናቸው?» ብሎ መጠየቅ እንዴት ያለ ቁስል እንደሚነካ አስቡት። ስለዚህ ከመደወል በፊት ለአንድ የጋራ ወዳጅ ደውሉና «እርሱ እንዴት ነው? ቤተሰቡስ?» በሉ። ኀዘን ካለ፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ቢሆን፣ የመጀመሪያው ጥሪ ለቅሶ መድረስ ነው። «ሳልደርስ ቀረሁ፣ አሁን ነው የሰማሁት፣ እግዚአብሔር ያጽናህ» ይባላል። ከተማችሁ አንድ ከሆነ በአካል ይኬዳል። በዚህ ጥሪ ላይ ዜናችሁን ከጠየቀ እውነቱን መልሱ፤ ሳይጠየቅ ግን አታንሡ። ጉዳዩ ለሌላ ቀን ይቆይ። ሥራ ፈልጋችሁ በጀመራችሁት መንገድ ላይ ለቅሶ እንዳልደረሳችሁ ማወቃችሁ እንግዳ ነገር ነው፤ ሥራ ባትፈልጉ ኖሮ አታውቁትም ነበር። ይህ ሰላምታውን ሐሰት ያደርገዋል? አይመስለኝም። እግር የጣለው በአንድ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ከደረሰ በኋላ የሚያደርገው ግን በዚያ ምክንያት አይወሰንም።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። አንዲት እህት እናስብ። ከስድስት ዓመት በፊት በሐዋሳ በአካውንቲንግ ተመርቃለች። በአንድ አስመጪ ድርጅት አራት ዓመት ሠርታ፣ ደብተሩን በፒችትሪ ስትይዝ፣ ወርኃዊ የግብር ማስታወቂያ ስታዘጋጅ ቆይታ፣ ድርጅቱ ሲዘጋ ሥራ አጥታለች። የመመረቂያ ጥናታቸውን በአንድ ቡድን የሠሩት አንድ የክፍል ጓደኛዋ አሁን በአዳማ በአንድ የእርዳታ ድርጅት የፋይናንስ ክፍል ይሠራል። ከምርቃት በኋላ አልተነጋገሩም። ከጋራ ወዳጃቸው እንደሰማችው አግብቶ አንዲት ልጅ ወልዷል፤ ቤተሰቡ ደህና ነው።

መጀመሪያ የሚመጣባት «ሰላም» ብላ ልካ መልስ መጠበቅ ነው። ይህ ጥሩ አይደለም። ያልታወቀ ቁጥር ላይ «ሰላም» ብቻ ያየ ሰው ማን እንደሆነች አያውቅም፤ ካወቀም «ቀጥሎ ምን ሊመጣ ነው?» ብሎ ይጠብቃል። ስለዚህ ሙሉ መልእክት ትጽፋለች፦

«ሰላም ወንድሜ። የሐዋሳዋ ነኝ፣ ያን የቁጠባ ማኅበራት ጥናት አብረን የሠራነው፤ ማተሚያ ቤቱ መብራት ጠፍቶበት እስከ ሌሊት የጠበቅነውን እስካሁን አልረሳሁም። ብዙ ጠፋሁ። ማግባትህንና ልጅ መውለድህን ዘግይቼ ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ ደህና ነኝ። የምሠራበት ድርጅት ተዘግቶ ከየካቲት ጀምሮ ሌላ ሥራ እየፈለግሁ ነው። አንተስ እንዴት ነህ? አዳማ ተመቸህ? ጊዜ ሲኖርህ ድምፅህን ብሰማ ደስ ይለኛል።»

ምን እንዳለና ምን እንደሌለ ተመልከቱ። ማን እንደሆነች የሚያስታውስ አንድ እውነተኛ ትዝታ አለ፤ ይህ ከስሟ ይልቅ ያስታውቃታል፣ ለሌላ ሰውም ሊላክ አይችልም። ሥራ መፈለጓ አለ፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ያለ ምሬት። ጥያቄዎቹ ሁለቱም ስለ እርሱ ናቸው። ሲቪ አልተያያዘም። ሳይጠየቅ የተላከ ሲቪ ሰላምታውን ወዲያውኑ ማመልከቻ ያደርገዋል፤ ተቀባዩም ፋይሉን ሳይከፍት ስለ መልሱ ይጨነቃል። «ለማንኛውም ሥራ ዝግጁ ነኝ» የሚልም የለም። እንዲህ ማለት ትሕትና ይመስላል፤ ግን ለሚረዳው ሰው ከባድ ነው። «ማንኛውም ሥራ» የሚባል ክፍት ቦታ የለም፤ ሰሚው በአእምሮው የሚሰቅልበት ሚስማር አያገኝም።

እንበል በሦስተኛው ቀን ደወለ። ስለ ልጁ አወሩ፣ ስለ ክፍል ጓደኞቻቸው አወሩ፣ ሳቁ። ከዚያ እርሱ ራሱ «ሥራውስ እንዴት ሆነ?» አለ። አሁን በሩ ተከፍቷል። እዚህ ላይ የምትጠይቀው ነገር ዓይነት ወሳኝ ነው። «እናንተ ጋ አስገባኝ» ብትል የማይችለውን ጠየቀችው። እርስዋ የምትለው ይህን ነው፦ «የእርዳታ ድርጅቶችን ፋይናንስ ከውጭ ነው የማውቀው። እንደ እኔ ከግል ድርጅት የመጣ ሰው ምን ይጎድለዋል? ማስታወቂያውንስ የት ነው የምታወጡት?» እነዚህን እርሱ ሳይጨነቅ ይመልሳቸዋል። በየቀኑ የሚኖርበት ነገር ነውና።

መልሱም በጋዜጣ የማይገኝ ዓይነት ነው። የእርሱ ድርጅት ሰው የሚቀጥረው አዲስ ፕሮጀክት ሲፈረም እንደሆነ ይነግራታል፤ ማስታወቂያው ለጥቂት ቀናት ብቻ እንደሚቆይ፣ ስለዚህ በሳምንት አንዴ ማየት እንደማይበቃ ይነግራታል። በሲቪዋ ላይ «የሂሳብ ሥራ» ብላ የጻፈችው በቂ እንዳልሆነ፣ የእርዳታ ድርጅት ገንዘቡን ለለጋሹ በበጀት መስመር ስለሚያስረዳ በጀትን ከወጪ ጋር አነጻጽራ ሪፖርት ያዘጋጀችበትን ጊዜ ለይታ እንድትጽፍ ይመክራታል። ደግሞም «አንድ የማውቃት ሰው አለች፣ ሌላ ድርጅት ነው የምትሠራው፤ ልጠይቃትና ቁጥሯን ልስጥሽ» ይላል። «ልጠይቃትና» ያለውን አክብራ ትጠብቃለች። ክፍት ቦታ ግን አልነገራትም፤ የለውም። ጥሪው የቆየው ሃያ ደቂቃ ነው። ሥራ ሳይገኝበትም የተሳካ ጥሪ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ቦታ ደረስን። እርሱ በደግነት «ለአለቃዬ እነግርልሻለሁ፣ አትጨነቂ» ቢላትስ?

ያንጂ ቢያን የሚባል ምሁር በ1988 በቻይናዋ በቲያንጂን ከተማ የተሰበሰበ መረጃ መርምሮ በ1997 ያሳተመው ጥናት እዚህ ላይ ብርሃን ይሰጣል። በዚያን ጊዜ ሥራ የሚደለድለው መንግሥት ነበር። ሰዎች ሥራ ያገኙበት መንገድ ግን ግራኖቬተር ካየው የተለየ ሆነ፤ የረዷቸው የሩቅ ሰዎች ሳይሆኑ የጠበቁ ዝምድናዎች ነበሩ። ቢያን ምክንያቱን ሲያስረዳ በሁለቱ ቦታ በሰንሰለቱ ላይ የሚያልፈው ነገር ይለያያል ይላል። በኒውተን ያለፈው በዋናነት ወሬ ነው፤ የት ቦታ እንዳለ ማወቅ ነው። በቲያንጂን ያለፈው ተጽዕኖ ነው። ባለሥልጣኑ ያለ ደንቡ ሲያስገባ አደጋ ስለሚወስድ፣ ያንን የሚያደርገው አጥብቆ ለሚያምነው ሰው ብቻ ነው።

እኛ አገር ሁለቱም አሉ፤ ብዙ ጊዜም በአንድ ስም «በሰው አገኘ» እየተባሉ ይጠራሉ። መለየት ይገባቸዋል። ማስታወቂያ የት እንደሚወጣ፣ ምን እንደሚፈለግ መናገር ከማንም ላይ ምንም አይወስድም። ያንኑ መረጃ ለሌላው አመልካች ቢነግረውም ለእርስዋ ያለው ዋጋ አይጠፋም። በፈተና ሁለተኛ የወጣችውን አንደኛ እንድትሆን ማድረግ ግን የአንዲት የማናውቃት ልጅ ቦታ መውሰድ ነው፤ ያቺም ምናልባት ለብዙ ወራት ሥራ ስትፈልግ ቆይታለች፣ አዳማ የምታውቀው ሰው የላትም። በመካከል ደግሞ ምስክርነት አለ፤ «አብረን ሠርተናል፣ ጠንቃቃ ናት፣ ሰዓት ታከብራለች» ማለት። ይህ እውነት ከሆነና ሰውየው በዓይኑ ያየው ከሆነ መልካም ነው፤ ቀጣሪውም ይፈልገዋል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው፦ የቆየ ሰው ያየው የስድስት ዓመት በፊቷን ልጅ ነው። ስለ አሁኗ ሊመሰክር አይችልም። «እነግርልሻለሁ» ሲላት ከሚያውቀው በላይ ሊናገርላት ነው፤ ካልሆነለትም ስሙ አብሮ ይወድቃል።

ስለዚህ የእርስዋ መልስ እንዲህ ቢሆን እወዳለሁ፦ «አመሰግናለሁ። ማስታወቂያ ሲወጣ እንደ ሁሉም አመለክታለሁ። ከተጠየቅህ በሐዋሳ ያየኸውን ብቻ ተናገርልኝ፤ ያን ጊዜ ከዚያ በኋላ ስለሠራሁት የሚመሰክር የቀድሞ አለቃዬ ስልክ እሰጥሃለሁ።» ይህን ማለት ሰባት ወር ሥራ ላጣ ሰው ቀላል አይደለም፤ ቤት ኪራይ ይጠብቃል፣ እናት ታማለች። የሚራብ ሰው በሩ ሲከፈትለት በየት በኩል እንደተከፈተ እንዲመረምር መጠየቅ ከጠገበ ሰው አፍ ሲወጣ ይቀፋል፤ ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን በዚያ በር የገባ ሰው የሚገጥመውንም በሥራዬ አይቻለሁ። ያስገባው ሰው በለቀቀ ማግስት እርሱም ብቻውን ይቀራል፤ ሥራውን በደንብ ቢሠራም «የእገሌ ሰው» ከመባል ቶሎ አይወጣም።

መልእክቱ ባይመለስስ? ይህም ይሆናል፤ በተለይ ብዙ ሰው ሥራ የሚጠይቀው ቦታ ላይ ያለ ከሆነ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አጭር መልእክት መላክ ይቻላል፤ ስልኩ ጠፍቶ ወይም ታሞ ሊሆን ይችላልና። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት ነው። በጋራ ወዳጅ በኩል «ለምን አልመለሰልኝም?» ብሎ ማስጠየቅ ሌላውን ሰው ጥግ ማስያዝ ነው። ያልመለሰ ሰው ክፉ ነው ብላችሁም አትደምድሙ፤ ሊረዳ ባለመቻሉ ያፈረ ሰው ከማይፈልግ ሰው ይልቅ ዝም ይላል። «ክፍት ቦታ ባይኖርም ግድ የለም፣ ሰላም ልበልህ ብዬ ነው» የሚል መስመር በሁለተኛው መልእክት ላይ ቢኖር አንዳንዴ ያንን እፍረት ያነሣለታል። መስመሩ ግን እውነት ከሆነ ብቻ ነው የሚጻፈው።

የሰላምታውን እውነትነት የምለይበት አንድ መንገድ አለኝ። ሰውየው በመጀመሪያው ጥሪ «እኔ ስለ ሥራ ምንም አላውቅም፣ የማውቀውም ሰው የለም» ቢላችሁ ቀጥሎ ምን ታወራላችሁ? ወሬው እዚያው የሚሞት ከሆነ ሰላምታው የእርሱ አልነበረም። ስለ ልጁ ለመስማት የምትቆዩ ከሆነ ጉዳይ ይዛችሁ መምጣታችሁ አያሳፍራችሁም።

የእኛ ምሳሌ እህት ከጥሪው በኋላ ሁለት ነገር አደረገች። በዚያው ሳምንት ሲቪዋን እርሱ እንዳለው አስተካክላ «ምክርህን ተጠቅሜበታለሁ» ብላ ጻፈችለት፤ አሁንም ፋይሉን አላያያዘችም። ከወር በኋላ እርሱ ቁጥሯን የሰጣት ሴት ያመለከተቻቸውን ቦታ በተመለከተ ምን እንዳለቻት ነገረችው፤ ቦታው ለሌላ ሰው ደርሷል። ብዙ ሰው መጥፎ ዜና ሲሆን መልሶ መንገርን ይተዋል፤ የረዳው ሰውም ምክሩ የት እንደገባ ሳያውቅ ይቀራል። እርሱ ግን ሲሰማ «እኔም አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር» አላት። የእርሱ ታናሽ ወንድም አዲስ አበባ ሊማር እየመጣ ነው፤ በእርስዋ ሠፈር አንድ ክፍል ቤት ስንት እንደሚከራይና የትኛው አካባቢ ከትራንስፖርት እንደማይርቅ ማወቅ ፈልጎ ነበር። እርስዋም በማግስቱ ሁለት ቤት በእግሯ ሄዳ አይታ ደወለችለት።